ያልተመዘነው ብርድ ልብስ

ይህን ነገር ለባሌም፣ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየዓመቱ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም እዘረዝርና «ይኸው ነው አባቴ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አሁን አፌ የተፈታው። ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። የበደልኩበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ራሴም በደንብ አላውቀውም። ብርድ ልብሱን ስቀበል ነው? ዝም ስል ነው? አፌን ስከፍት ነው? ሁሉንም ልንገራችሁና እናንተው ለዩልኝ።

የሰባተኛ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ መርካቶ ውስጥ ተወልጄ መርካቶ ውስጥ ያደግሁ። ባሌ ታደሰ ዓደን ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር የሚጠግን መካኒክ ነበር፤ እንግሊዝ ዓደንን በሚገዛበት ጊዜ ነው። ሶስና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችን፤ ዳዊት ገና ዓመት አልሞላውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ልንገባ የተነሣነው ታናሽ እህቴ ፀሐይ በጥር ልትዳር ስለሆነ ነው።

እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ደብዳቤውን የጻፈችላት ራሷ ሙሽራዋ ናት። ግማሽ ገጹ ሰላምታ ነው፣ የቀረው የስም ዝርዝር። ለአጎቴ ካፖርት፣ ለአክስቶቼ የቀሚስ ጨርቅ፣ ለክርስትና አባቴ የእጅ ሰዓት፣ ለጎረቤቶች ሽቶ፣ ለሙሽራዋ ነጭ ጫማ፤ አሥራ ሰባት ሰው ነው። ታደሰ አነበበና «እኛ ለሠርግ ነው የምንሄደው ወይስ ሱቅ ልንከፍት?» አለኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ እንስቅ ነበር።

ታደሰ የተሰጠው ፈቃድ ሃያ አንድ ቀን ነው። ወረቀት ላይ አስምሮ ከፋፈለው፤ መጀመሪያው ሳምንት ለዘመድ፣ ሁለተኛው ለሠርጉና ለመልሱ፣ ሦስተኛው ለዕረፍት። ደብረ ዘይት ሐይቁ ዳር ክፍል እንከራያለን፣ ማንም ሳይጠራን እንተኛለን አለ። የመርካቶን ዘመድ አያውቅማ! አምስት ዓመት የጠፋ ሰው መጥቶ እንዳይበላ፣ እንዳይጠጣ፣ «እኔ ቤት ሳትገቢ?» እንዳይባል የሚያደርግ ሐይቅ የት ይገኛል? ዝም አልኩት። ያው ዝምታ ልማዴ ነው፤ ኋላ ታዩታላችሁ።

ትልቁ ራስ ምታት ኪሎው ነበር። በአንድ ትኬት ሃያ ኪሎ ነው። ሶስና ግማሽ ዋጋ ብትከፍልም ሙሉ ሃያ ኪሎ አላት፤ ዳዊት ግን መቀመጫ የለውም፣ ጭኔ ላይ ስለሆነ ኪሎም የለው። ስለዚህ ስልሳ ኪሎ ነው ያለን። ከዚያ ካለፈ እያንዳንዷ ኪሎ ታስከፍላለች፤ የምታስከፍለውም ጨርቁ ከተገዛበት ይበልጣል። ከሕንዳዊው ባንያን ባለሱቅ የሚንጠለጠል ሚዛን ተዋስን። ሚዛኑ ደግሞ በአረቦቹ መለኪያ በረጥል ነው፣ ትኬቱ በኪሎ። ታደሰ እያባዛ፣ እኔ እያካፈልኩ፣ አንድ ጊዜ ሃምሳ ሁለት ይሆንልናል፣ አንድ ጊዜ ሰባ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ያወቅነው ባለ ብረት ማዕዘኑ የቆዳ ሻንጣችን ባዶውን ሰባት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። እሱን ትተን ሸራ ከረጢት አሰፋን። ጫማዎቹን ከካርቶናቸው አውጥተን ውስጣቸው ካልሲና ሽቶ ጠቀጠቅን። የቀሚሱን ጨርቅ ለየሰው ሳናስቆርጥ በጥቅሉ ያዝነው፤ እዚያ እንቆርጠዋለን አልን። የአጎቴን ካፖርት ታደሰ ይለብሰዋል፣ ሶስና ሦስት ቀሚስ ደራርባ ትሳፈራለች። በዓደን ሙቀት! እንዲያም ሆኖ ስልሳ አንድ ሆነ። ጉምሩክ አዲስ ዕቃ ሲያይ ቀረጥ ስለሚጠይቅ ደግሞ ምልክቱን ሁሉ ከየጨርቁ እየቀደድኩ ጣልኩ።

አስካለ የመጣችው እኛ በዚህ መሀል ስንተራመስ ነው። አስካለ እዚያው ዓደን እንግሊዝ ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ የመርካቶ ልጅ ናት። እናቷ እትዬ ደብሪቱ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚሸጡ ደሀ ናቸው። አስካለ ከስድስት ዓመት በፊት ከአንድ የአረብ ቤተሰብ ጋር ለሥራ ልሂድ ስትል እናቷ እምቢ አሉ፤ ሳይመርቋት ወጣች። እትዬ ደብሪቱም «ልጅ የለኝም» ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም፣ ደብዳቤ የለም። አስካለ ጽፋ ታውቃለች፣ ግን ማን አድርሶ ማን አንብቦላቸው! አሁን ሰው ሄዶ በእጁ የሚያደርስላት ተገኘ፤ እኔ።

የቁርጥማት ሕመም አለባቸው፣ ክረምት ላይ ጉልበታቸው ይታሰራል ብላ የሱፍ ብርድ ልብስ ገዝታላቸዋለች፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ዳርና ዳሩ ቀይ። ሚዛኑ ላይ ሰቀልነው፤ አራት ኪሎ። ታደሰ ራሱን ነቀነቀ። አስካለ ፊቷ ክስም አለ። የጻፈችውን ደብዳቤም ሳታሽገው በእጄ አስያዘችኝና አንብቢው አለችኝ፤ አነበብኩት። «እማዬ ይቅር በይኝ። ይህን ቀይ ዳር ያለውን ብርድ ልብስ ስትለብሽው እኔ እንዳቀፍኩሽ ቁጠሪው። ከተቀበልሽው ይቅር እንዳልሽኝ አውቃለሁ» ይላል። አያችሁ? ብርድ ልብሱ ዕቃ አልነበረም። ከተቀበሉ ታርቀዋታል፣ ከመለሱ የለችም። ይህን አንብቤያለሁ። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ልጅ የሚጠቀለልበት ብርድ ልብስ አይመዘንም፤ በእጅ ይገባል። ዳዊትን በአስካለ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ብይዘውስ? ታደሰ ሳቀ፣ አስካለ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «እትዬ የሺ፣ አደራ» አለችኝ። «አደራሽን በሰማይም በምድርም» አልኳት። አልኩ። በዚህች አፌ።

አውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ላይ ስልሳ ኪሎ ተኩል ሆነ፤ ሰውየው ሶስናን ከነሦስት ቀሚሷ አየና አሳለፈን። ብርድ ልብሱን ማንም አላየውም። ጅቡቲ አረፍን፣ ድሬዳዋ አረፍን፣ ዳዊት ሲያለቅስና ሲተፋ አዲስ አበባ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ጉምሩኩ ከረጢቶቹን በረበረ፣ ሰዓቱን ቀረጠ፣ የተጠቀለለውን ልጅ ግን «ይማርልሽ» ብሎ አለፈው። ያን ቀን ብልህ ሴት ነኝ ብዬ ነበር።

ሰባተኛ ስንገባ ቤቱ ሞልቷል። ዳዊትን ማን ይዞት እንደነበር፣ ማን እንዳስተኛው አላስታውስም። ብርድ ልብሱ እላዩ ላይ ነው፤ ሦስት ሌሊት ተኛበት፣ ሸናበት፣ እናቴ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለምን ከሌላው ዕቃ ለይቼ አላስቀመጥኩትም? ለምን በደረስኩ ማግስት ምን አለሽ ተራ ወርጄ አላደረስኩም? መንገዱ የአሥር ደቂቃ ነው! ግን ጠዋት አንዱ ይጠራናል፣ ምሳ ሌላው፣ ማታ ሌላው። በመካከሉ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ልናስጭን አትክልት ተራ እንሄዳለን፣ በርበሬ ሊቀጠቀጥ ነው፣ ዳስ ሊጣል ነው። ታደሰ ቆሞ መተኛት ጀመረ። «ነገ አደርሳለሁ» እላለሁ። ነገ ደግሞ አንዷ አክስት ትመጣለች። ደክሞኝ ነበር ልበል? ደክሞኝ ነበር። የደከመው ሰው ሁሉ ግን አደራ አይበላም።

በአራተኛው ቀን የሙሽራው እናት ወይዘሮ በላይነሽ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉን መጡ። ባለጠጋ ናቸው፣ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት። እህቴ ከሠርጉ በኋላ እሳቸው ግቢ ነው የምትኖረው። ሴትዮዋ ተቀምጠው ሳለ ነው የደነገጥኩት፤ ከአሥራ ሰባቱ ስም ውስጥ የእሳቸው የለም። እናቴ ዝርዝሩን ያስጻፈችው የራሷን ዘመድ ቆጥራ የልጇን አማት ሳትቆጥር ነው። እኔም ሆንኩ ታደሰ ስንመዝን ስንቀንስ «የሙሽራው ወገንስ?» ብለን አልጠየቅንም። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ ሁሉ የሰው ስም ወጥቶለታል። ለባለ ጨርቅ መደብር ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጣል?

ወይዘሮ በላይነሽ ዳዊትን አቅፈው ሲያጫውቱ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ሄደ። ዳሩን ዳሰሱት፣ ገለበጡት። የጨርቅ ሰው አይደሉ! «እንዲህ ያለ ሱፍ እኛ አገር ገብቶ አያውቅም» አሉ። እናቴ አንድ አፍታ አልቆየችም።

«ለእርስዎ ብላ እኮ ነው ያመጣችው» አለች። «ልጁን ይዛበት ገባች እንጂ የእርስዎ ነው። አይደለም እንዴ የሺ?»

እናቴ አደራ መሆኑን አታውቅም። እኔ አልነገርኳት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፀሐይ በር ላይ ቆማ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው፤ ኑሮዋ ነው። አፌን ከፍቼ ነበር፣ እምላችኋለሁ ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። «አይደለም» ልል ነበር? ወይስ «አዎ»? በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ዳዊትን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣሁት፣ አጠፍኩት፣ በሁለት እጄ አቀረብኩ። ወይዘሮ በላይነሽ መረቁኝ። ምርቃታቸውን «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ።

ያን ቀን ነገሩ ገና ይድን ነበር። መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ጠፋ? ሌላ ገዝቼ፣ ደብዳቤውን ይዤ መሄድ አያቅተኝም ነበር። ደግሞ ቀይ ዳር ይላል ደብዳቤው፤ እስኪ ቀይ ዳር ያለው ልፈልግ አልኩ። ፈልጌ ነበር? ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ መሰለኝ። ሦስት ነው? በቃ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ጠራኝ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ በላይነሽ ስለ ሚዜዎቹና ስለ መኪናው ሊነጋገሩ እኛ ቤት ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱ አልጋቸው ላይ እንዴት እንዳማረ፣ የመጣው ሁሉ እንዴት እንደቀናባቸው እያወሩ ነበር። በዚህ መሀል አንዲት ከሲታ አሮጊት ደጃፉ ላይ ቆሙ። ነጠላቸው የታጠበ ነው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ነው። ከዓደን ሰው መጣ ሲባል ሰምተው ነው። እትዬ ደብሪቱ። ይግቡ ብንላቸው አልገቡም።

«ልጄ፣ አስካለ የምትባል እዚያ አለች ይባላል» አሉኝ።

«አለች። ደህና ናት፣ እናቴ» አልኩ።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ዕቃ አልጠየቁም፤ እንዲህ አድርጋ ልካልኛለች ወይ አላሉም። «እኔን… ምን አለችኝ?» ነው ያሉት።

ደብዳቤው ከኋላዬ ሚስማር ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግን ማንበብ አይችሉም፤ ፀሐይ እዚያው ታነብላቸዋለች፣ ወይዘሮ በላይነሽ ይሰማሉ፣ «ቀይ ዳር ያለው ብርድ ልብስ» ይባላል። የሰው አደራ አልጋቸው ላይ አንጥፈው ለአገሩ ሲያሳዩ የከረሙ አማት እህቴን እንዴት አድርገው ያኖሯታል? ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አሰብኩት ወይስ ኋላ ነው ሰበብ ስፈልግ የጨመርኩት? አላውቅም። የማውቀው ያልኩትን ነው።

«ሰላም በይልኝ ብላለች» አልኩ። «ሥራ ይበዛባታል።»

እትዬ ደብሪቱ ጥቂት ቆሙ። ሌላ ነገር የምጨምር መስሏቸው ነው። አልጨመርኩም። «ይሁን። ደህና ከሆነች ይሁን» ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡና ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ግን ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር እኮ! እግራቸው እንደሆነ አይራመድ። ወይዘሮ በላይነሽ «ምን ያለች ጨካኝ ልጅ ናት፣ እናቷን እንዲህ የምትረሳ» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ! ጨካኟን ልጅ አብሬ አማሁ።

ሠርጉ አማረ። መልሱ አለፈ፣ ቅልቅሉ አለፈ። ደብረ ዘይት አልሄድንም፤ ታደሰ ሦስተኛውን ሳምንት ሙሉ ከአንዱ ዘመድ ማዕድ ወደ ሌላው ሲጎተት ከረመ፣ ከስቶ ተመለሰ። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ጠዋት ደብዳቤውን በጉያዬ ይዤ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ጆሮ ያደነቁራሉ። እትዬ ደብሪቱ መሬት ተቀምጠው ጣሳ ከክዳኑ ይለያሉ፣ ጉልበታቸው ላይ የተቀደደ ጆንያ ጣል አድርገዋል። አላዩኝም። ምን ብዬ ልስጣቸው? «ልካለች፣ እኔ ዋሸሁ፣ ብርድ ልብሱ ግን የለም» ልበል? እንዲህ ማለት ነበረብኝ። ሰባት ቃል ነው። ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ ዞሬ ተመለስኩ። ደብዳቤውን የእናቴ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ዓደን በገባን ማግስት አስካለ ከሥራዋ ፈቃድ ሳትጠይቅ ሮጣ መጣች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። «ተቀበለችሽ?» አለችኝ።

«ተቀበለችኝ» አልኩ።

«ምን አለች?»

«አለቀሰች። መረቀችሽ።»

አስካለ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስድስት ዓመት የያዘችውን ነው ያለቀሰችው። ባሌ ታደሰ ከክፍሉ ወጥቶ «እሰይ» አላት፤ እሱ የሚያውቀው ብርድ ልብሱ ከልጁ ላይ መነሣቱን ብቻ ነው፣ ደርሷል ብሏል። እኔም አለቀስኩ። በምን እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ።

በቀጣዩ ክረምት ማለቂያ ላይ የእህቴ ደብዳቤ መጣ። ታች፣ ከሌላው ወሬ በኋላ፣ እኒያ በሠርጌ ሰሞን የመጡት ጠርሙስ ሻጭ አሮጊት በብርድ ታመው ሞቱ፤ ሰዎች ልጅሽን እናስጠራልሽ ቢሏቸው «ሥራ ይበዛባታል» አሉ ብላ ጻፈች። የእኔን ቃል። የእኔን ቃል ይዘው ሞቱ። ለአስካለ መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነኝ፣ ይህን ግን አልነገርኳትም። ደረቷን ስትመታ ቆይታ ያለችው እንዲህ ነው፤ «ቢሆንም ታርቃኛለች። ቢሆንም ሙቀት ለብሳ ነው የሞተችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ የሺ።»

እንግሊዝ ከዓደን ሊወጣ ሲል ከተማው ታወከ፣ ሁላችንም ወደ አገር ገባን። አስካለም ገባች፣ አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትና አንሺልኝ አለችኝ። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? አነሣኋት። ልጅቷ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፣ ስሟ ደብሪቱ ነው። እሑድ እሑድ ከእናቷ ጋር ሰባተኛ እኔ ቤት ይመጣሉ፣ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ አስካለ «የእማዬን ነገር ንገሪያት» ትለኛለች። እኔም እነግራታለሁ። መጀመሪያ «አለቀሰች፣ መረቀችሽ» ብቻ ነበር። ከዚያ ብርድ ልብሱን ተከናንበው እንደሳሙት ጨመርኩ። ከዚያ ጎረቤት ጠርተው እንዳሳዩ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ልጅቷ «ስቃ ነበር?» ስትለኝ «አዎ፣ ጥርሷ እስኪታይ» አልኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ለምን እያደር ይከብዳል?

ብነግራት እናቷን ሁለተኛ እገድልባታለሁ እላለሁ። ለእሷ አስቤ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ። ይህም ውሸት ይሆን? በክርስትና እናትነቴ ስለምኮራ፣ እሑድን ስለምወድ፣ የአስካለን ፊት ማጣት ስለምፈራ ቢሆንስ? እኔ የእኔን ልብ አላምነውም። እናቴ ሰጠችው አልልም፤ አፍ ነበረኝ። ኪሎው ነው፣ ድካሙ ነው፣ የሠርግ ሁካታ ነው አልልም። ሥርየት አይገባኝም ብዬም አልመጻደቅ፤ እፈልገዋለሁ፣ ግን ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እንደሆነ ከመሬት በታች ናቸው፤ ሌላዋ ደግሞ ምን እንደበደልኳት አታውቅም።

ነገ እሑድ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሲመጡ አፌ የለመደውን ይቀጥል ይሆናል። ስለዚህ ሊነገራት የሚገባውን እዚህ፣ እናንተ ፊት ልናገረው። አስካለ፣ እናትሽ ብርድ ልብሱን ዓይኗም አላየውም። ልጄ ረሳችኝ ብላ፣ ጆንያ ለብሳ ሞተች። አልረሳሻትም ነበር። የረሳሻት ያስመሰልኩሽ እኔ ነኝ፣ የሺ።